ሾርት ኖት ሳያልቅ ፈተናው ሊደርስ ነው!

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ከግሩፕ ስተዲ አሁን መመለሴ ነው። ልጁን ታውቁታላችሁ፣ ስም መጥራት አያስፈልግም። ፕሮግራሙን ያወጣልን እሱ ነው። ለመውጫ ፈተናው ስድስት ሳምንት ሲቀረው አምስቱን ለሾርት ኖት፣ የመጨረሻዋን አንዲት ሳምንት ደግሞ «ለጥያቄ» ብሎ መደበ። ያኔም ተናግሬ ነበር። የሰማኝ የለም።

ዛሬ ፍቅር ሐይቅ ዛፉ ስር ቁጭ ብለን ደብተሬን አነሳና ለሁሉም እያሳየ ገለጠው። «ይሄ ምንድን ነው? ጥያቄ ብቻ! ኖትሽ የታለ?» አለኝ።

«ያነበብኩትን ሳላይ እየጻፍኩ ነው የማጠናው» አልኩት።

«አይ አንቺ! እኛ ሌሊት እየለፋን አንቺ ባዶ ወረቀት ይዘሽ ትዞሪያለሽ። በመጨረሻ የሰው ኖት ልትለምኚ ነው አይደል?»

ሁሉም ሳቁ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ሳትቀር ሳቀች!

ደሜ ፈላ። «እሺ፣ ደብተርህን ዝጋና ላሲክስ ኩላሊት ውስጥ የት ጋ እንደሚሠራ ንገረኝ» አልኩት። ላሲክስ ያለበትን ዳይዩሬቲክስን፣ ማለትም ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶችን፣ ባለፈው ሳምንት በአራት ቀለም አሳምሮ የጨረሰው እሱ ነው። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እኔ አሁን ኖት ላይ ነኝ፤ ጥያቄ በመጨረሻው ሳምንት ነው።» የሰው ልጅ እንዴት ባለፈው ሳምንት የጻፈውን ለመመለስ ቀጠሮ ይይዛል?

እውነቱን ለመናገር ይሄ ነገር የእሱ ብቻ አይደለም። ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ያሳደጉን እንደዚህ ነው። ደብተር ተሰብስቦ ይታረም ነበር። ያማረ ጽሑፍ ያለው ነጥብ ያገኛል። እህቴ አርእስት በቀይ አላሰመረችም ተብላ ነጥብ ተቀንሶባት ስታለቅስ አይቻለሁ። ትምህርቱን ግን ከክፍሉ ሁሉ በላይ ታውቀው ነበር። እንዲህ ያደገ ሰው ደብተሩ ሲሞላ ጭንቅላቱም የሞላ ይመስለዋል። ፎቶ ኮፒ ቤቱም በዚሁ ነው የሚከብረው፤ የሰው ሾርት ኖት ኮፒ ለማድረግ የሚሰለፈውን ተማሪ አይታችኋል?

እኔ የምለው ኖት ይቅር አይደለም። መቼ ይቁም ነው ጥያቄው። ደግሞ የሚቆመው ሞጁሉ ሁሉ ሲያልቅ አይደለም፤ በየምዕራፉ፣ ያውም በዚያው ቀን ነው። ዳይዩሬቲክስን እንዴት እንዳጠናሁት ልንገራችሁ።

ምዕራፉን አንድ ጊዜ ረጋ ብዬ አነበብኩት። ያልገባኝ ቦታ ላይ ብቻ በራሴ ቃል አጭር ነገር ጻፍኩ። ለምሳሌ ላሲክስ ለምን ሽንት ያበዛል? የሄንሌ ሉፕ በሚባለው የኩላሊት ቱቦ፣ ወደ ላይ የሚወጣው ወፍራም ክፍል ላይ፣ ጨው ወደ ደም ተመልሶ እንዳይገባ ያግዳል፤ ጨው ሽንት ውስጥ ሲቀር ውሃውም አብሮ ይቀራል። ይሄ ከገባኝ በኋላ ስክሪብቶው ቆመ። ሞጁሉን ዘጋሁና ባዶ ወረቀት ላይ የማስታውሰውን ሁሉ በሰማያዊ ጻፍኩ። የመድኃኒቶቹን ስም፣ የሚሠሩበትን ቦታ፣ ፖታሲየም ላይ የሚያደርጉትን።

ከዚያ ሞጁሉን ከፈትኩና የጎደለውን በቀይ ጨመርኩ። ቀዩ ምን ነበር? ላሲክስ በደም ሥር በፍጥነት ሲሰጥ ጆሮ ሊጎዳ እንደሚችል። ላሲክስ ካልሲየምን በሽንት ሲያስወጣ ታያዛይድ ግን እንደሚያስቀር። ስፓይሮኖላክቶን ፖታሲየምን እንደሚያቆይ ደግሞ በሰማያዊው ውስጥ አለ፤ ስለዚህ እሱን ደግሜ አልጻፍኩትም። ኖት መሆን ያለበት ቀዩ ብቻ ነው፣ እሱም በጥያቄ መልክ፦ «ላሲክስ በደም ሥር ለምን ቀስ ተብሎ ይሰጣል?» እነዚህን ጥያቄዎች በማግስቱ፣ ከዚያ ሦስት ቀን ቆይቼ፣ ከዚያ ሳምንት ቆይቼ መልሱን ሳላይ እሠራቸዋለሁ። ይሄ ነው እንግዲህ «ባዶ ወረቀት» የተባለው!

ኖቱ ከጥቅሙ ማለፉን ማወቅ ደግሞ ቀላል ነው። የምትጽፉት ዓረፍተ ነገር ሞጁሉ ላይ ካለው ጋር ቃል በቃል አንድ ከሆነ፣ ወይም ስለ ሌላ ነገር እያወራችሁም እጃችሁ መጻፉን ከቀጠለ፣ ያ ጥናት አይደለም፤ መገልበጥ ነው። አቁሙ።

«መጀመሪያ ሳላጠና ምን ልመልስ?» የሚሉኝ አሉ። ይሄ ተገቢ ጥያቄ ነው። ባዶው ወረቀት ላይ ምንም ካልመጣ፣ ወይም ስሙ መጥቶ «ለምን» የሚለው ካልመጣ፣ ምዕራፉ አልገባችሁም ማለት ነው። ያኔ ተመልሶ ማንበብ ነው፤ ራስን መጠየቅ ያልገባን ነገር አያስገባም። ትንሽ ከመጣና ምክንያቱን መናገር ከቻላችሁ ግን፣ ቢጎድልም ቀጥሉ። የመድኃኒት መጠን ስሌት ላይ ደግሞ ከነጭራሹ ማጠቃለያ አያስፈልግም፤ አንድ የተሠራ ምሳሌ አይቶ ወዲያው ስሌት መሥራት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ላስጠንቅቅ፦ መልሱን ሁልጊዜ ከሞጁሉ ጋር አመሳክሩ። በተለይ ምርጫ ስትሠሩ፣ የተሳሳተውን መርጣችሁ ሳታርሙ ካለፋችሁ ስህተቱ ራሱ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ይቀመጣል።

ይሄን ከኪሴ አላመጣሁትም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገር እና ካርፒኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ከፋፍለው ሞከሩት። አንዱ ቡድን ጽሑፉን በአራት ዙር አነበበ። ሌላው አንድ ዙር አንብቦ በቀሩት ሦስት ዙሮች ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ያነበቡት 40 በመቶ ገደማ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ ገደማ አስታወሱ። የ5 ደቂቃዋ ውጤት ናት ሰውን የምታሞኘው! ኖቱን ጽፎ እንደጨረሰ ሁሉም የገባው ይመስለዋል። ፈተናው ግን ከ5 ደቂቃ በኋላ አይደለም።

የእሱን ፕሮግራም ደግሞ አስቡት። አንደኛ ሳምንት ያጠቃለለውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠይቀው ስድስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ያኔ ግማሹ ጠፍቶ ያገኘዋል፤ ለመጠገን ደግሞ ቀን የለውም። መብራት የጠፋ ዕለትማ አያድርስ። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ንባብ በአራተኛው ሳምንት ዘግቼ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት አዲስ ማጠቃለያ ሳልጽፍ በጥያቄ ብቻ ነበር የምጨርሳቸው። ብዬ ነበር። ማን ሰማኝ?

ደክሞኛል በቃ። ሰውን ለማሳመን የማወጣው ጉልበት ሁለት ምዕራፍ ያስጠናኝ ነበር።

ይሄን እየጻፍኩ ሳለ ደግሞ በቴሌግራም መልእክት ገባ። ከእሱ ነው። «እነዛን ጥያቄዎች ግሩፑ ላይ ልቀቂያቸው እስቲ» ይላል። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ! እለቃቸዋለሁ፤ ሌሎቹ ምን አጠፉ? መልሱን ግን አልጽፍም። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ስር የሞጁሉን ገጽ ብቻ ነው የማስቀምጠው።