ያልተሟላ ማረጋገጫ ስንት ነጥብ ይገባዋል?

ጥያቄው፦ «aₙ ወደ a ከተጠጋ aₙ² ወደ a² እንደሚጠጋ አረጋግጡ» የሚል ባለ 10 ነጥብ የፈተና ጥያቄ ነበር። አንድ ተማሪ |aₙ² − a²| = |aₙ − a|·|aₙ + a| ብሎ ጀመረ። ቀጥሎ «|aₙ − a| < ε/|aₙ + a| እንዲሆን N እንመርጣለን» አለና «ስለዚህ ልዩነቱ ከ ε ያንሳል» ሲል ደመደመ። ስንት ይሰጠው?

ረዳት መምህርቷ፦ እኔ 7 እሰጠዋለሁ። ልዩነቱን ወደ ብዜት መለወጡ የጥያቄው ቁልፍ ነው፤ እሱን አግኝቶታል። ትርጉሙን ያውቃል፣ ከ ε ተነስቶ N መፈለግ እንዳለበት ገብቶታል፣ አጨራረሱም ሥርዓት አለው። የሳተው አካፋዩ ላይ ብቻ ነው። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ረጅም ማረጋገጫ ጽፌ አንድ ቦታ ላይ ስለሳትኩ አራሚው ከዳር እስከ ዳር ሰርዞ 0 ሰጠኝ። የትኛው መስመር እንደቆመ፣ የትኛው እንደወደቀ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። እንዲህ ያለ እርማት ማንንም አያስተምርም።

መምህሩ፦ በደረሰብዎ አዝናለሁ፤ እኔም 0 አልሰጥም። ግን 7 አይገባውም፣ 3 ይበቃዋል። N የሚመረጠው n ከመታወቁ በፊት ነው። ተማሪው የጻፈው አካፋይ ግን n በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል፣ ዜሮም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ N መርጫለሁ ቢልም ገና አልመረጠም።

ክብደቱን ለማየት ያንኑ ጽሑፍ ሌላ ቦታ ይሞክሩት። በ a ፈንታ bₙ የሚባል ሌላ ተከታታይ ያስገቡ፤ aₙ = n + 1/n፣ bₙ = n ይሁኑ። ልዩነታቸው 1/n ስለሆነ ወደ ዜሮ ይሄዳል። የተማሪው ክርክር ቃል በቃል ቢወሰድ የካሬዎቻቸው ልዩነትም ወደ ዜሮ መሄድ ነበረበት። ሲሰላ ግን 2 + 1/n² ነው፣ ከ 2 በታች አይወርድም። ያው ጽሑፍ ሐሰቱንም «ያረጋግጣል» ማለት ነው። እውነቱን ከሐሰቱ የሚለየው |aₙ + a| ወሰን እንዳለው የሚያሳየው መስመር ነው፤ የጎደለውም እሱ ነው። መስመር ቆጥሮ ነጥብ መስጠት ይህን ይሸፍነዋል።

ረዳት መምህርቷ፦ ምሳሌውን እቀበላለሁ፤ ወደ 5 ልወርድ እችላለሁ። 3 ግን የውድድር እርማት ይመስለኛል።

መምህሩ፦ ከውድድር የወሰድኩት አንድ ልማድ አለ። ፑትናም በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሒሳብ ውድድር እያንዳንዱ ጥያቄ 10 ነጥብ ሲኖረው መካከለኛ ነጥብ እምብዛም አይሰጥም። አራሚው አስቀድሞ «ይህ ያለቀ ሥራ ነው ወይስ የተጀመረ?» ብሎ ይጠይቃል። ካለቀ ከላይ ይቀንሳል፣ ካልሆነ ከታች ይጨምራል።

ረዳት መምህርቷ፦ በዚያው ውድድር እኮ መሃል ላይ ያለው ተወዳዳሪ ከ120 ነጥብ 0 ወይም 1 ያገኘባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው! የእኛ ፈተና የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ተማሪው ወደሚቀጥለው ትምህርት መሻገር ይችላል ወይ ነው። ደግሞ ሌላ ወረቀት ልጥቀስልዎ። ሁለተኛው ተማሪ «|aₙ + a| ከ M አይበልጥ እንበል፤ ይህን ማሳየት አልቻልኩም» ብሎ በ ε/M በትክክል ጨርሷል። የጎደለው ያው መስመር ነው። እሱስ?

መምህሩ፦ 6። የጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ ወሰን ካለ ውጤቱ ይከተላል። ቀዳዳው የት እንዳለ አይቷል፣ N ም ከ n ነፃ ሆኗል። የቀረው ትንሽ ነው፤ ከአንድ ደረጃ በኋላ |aₙ − a| < 1 ስለሚሆን |aₙ + a| < 1 + 2|a| ነው። የመጀመሪያው ተማሪ ግን ቀዳዳ መኖሩንም አላየም።

ረዳት መምህርቷ፦ ታዲያ ሦስተኛው «የሚጠጋ ተከታታይ ሁሉ ወሰን አለው» ብቻ ብሎ፣ ያለ ማረጋገጫ M ን ቢጠቀምስ?

መምህሩ፦ ክፍል ውስጥ የተረጋገጠ ከሆነ 10።

ረዳት መምህርቷ፦ በአንዱ ክፍል ተረጋግጧል፣ በሌላው ለቤት ሥራ ተትቷል። ፈተናው ግን አንድ ነው።

መምህሩ፦ እንግዲያው ምን መጠቀም እንደሚፈቀድ ወረቀቱ ላይ መጻፍ ነበረበት። አሁን ግን ፈተናው ስላለፈ ለሁለቱም ክፍሎች 10 እሰጣለሁ።

ረዳት መምህርቷ፦ እኔ አልስማማም። ያንን መስመር ለማረጋገጥ ጊዜውን ጨርሶ የሚቀጥለውን ጥያቄ ያልደረሰበት ተማሪ አለ። ለዝም ባዩ ሙሉ ሲሰጥ ለእሱ የሚካሰው ከየት ነው?

መምህሩ፦ በዚያ ላይ መልስ የለኝም። የመጀመሪያው ወረቀት ግን ከ3 አያልፍም።