ለመካከለኛው መስመር ነጋዴዎች የቀረበ ምስጋና

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የመብራት ምሰሶዎች ሥራቸው ተደርቦባቸዋል። መብራቱ ሲኖር መብራት ይይዛሉ፤ ሁልጊዜ ደግሞ «ቤት ለቤት እናስጠናለን፤ ከኬጂ እስከ 12ኛ ክፍል፤ ሁሉንም ትምህርት» የሚል ወረቀት ይይዛሉ። ሁሉንም ትምህርት! ዩኒቨርሲቲዎቻችን እንኳን እንዲህ ደፍረው አያውቁም።

ስለዚህ ዛሬ አስጠኚዎችን፣ ቀጣሪ ወላጆችንና በተለይም መንገዱን የሚጠርግላቸውን የመደበኛውን ክፍል ማመስገን እፈልጋለሁ። ውለታው ምን እንደሆነ ለማየት የ9ኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ቁጭ እንበል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ስልሳ ልጅ፣ 40 ደቂቃ ገደማ። መምህሩ እንዲህ ይጽፋል፦

x² + 5x + 6 = 0

ቀጥሎ፦

(x + 2)(x + 3) = 0

«ስለዚህ x = −2 ወይም x = −3። ገባችሁ?»

«አዎ ቲቸር!»

ማን ነው ያለው? የፊት ወንበሮቹ። እነሱ ቅዳሜ ዕለት ሳሎናቸው ውስጥ፣ ሻይ እየቀረበላቸው ተምረውታል። ሲባዙ 6፣ ሲደመሩ 5 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች ፈልገዋል። 1 እና 6ን ሞክረው ድምሩ 7 ሲሆንባቸው ትተውታል። 2 እና 3 ልክ መጡ። ከዚያ 5xን ለ2x እና ለ3x ከፋፍለውታል። ይህ ሁሉ በሁለቱ መስመሮች መካከል መኖር የነበረበት መስመር ነው። ሰሌዳው ላይ የለም። የለም ማለቴ ትክክል አይደለም፤ አለ፣ በሰዓት ይከፈልበታል።

መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም። «አዎ» ሲባል ይቀጥላል፤ ማን አይቀጥልም? የክፍሉን ፍጥነት የሚወስኑት አስቀድመው የተማሩት ናቸው። ለአንዱ ክለሳ የሆነው ለሌላው የመጀመሪያው ትምህርት ነው። የብሎኩ ጥበቃ ልጅ ከኋላ ሆና «አልገባኝም» ለማለት እጇን ብታነሳ፣ «ኤጭ!» የሚል ድምፅ ይቀበላታል። ይህም ትምህርት ነው፤ በነፃ የሚሰጥ።

ፈተና መጣ፦ x² − 7x + 12 = 0። ሲባዙ 12፣ ሲደመሩ −7። ሳሎን የተማሩት −3 እና −4 ብለው መልሱን 3 እና 4 ጻፉ። ጥያቄው በአስጠኚው ወርክሺት ላይም ነበር፤ እንዴት እንደሆነ እንጃ! ልጅቷ ግን ቅርጹን ብቻ ነበር ያየችው። (x + 3)(x + 4) ብላ ጻፈች። ቢባዙ 12 ነው፤ ድምሩ ግን 7 እንጂ −7 አይደለም። ቁጥሮቹን አግኝታለች፣ የሳተችው ምልክቱን ነው። መካከለኛውን መስመር ማን እንዳጣው ማወቅ የፈለገ እዚህ ስህተት ላይ ይመልከት። ፈታኙ ግን ዜሮ ሰጥቶ አለፈ። «ሰነፍ!» ተባለች።

አሁን ዋጋውን እናድንቅ። በሰዓት 200 ብር እንበል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢሆን በወር 4,800 ብር ይመጣል። የጥበቃ ደመወዝ ላይ ቢቀነስ ምን እንደሚተርፍ መካከለኛ መስመር ሳያስፈልግ ይሰላል። ያለው ማማሩ ይላል ያገሬ ሰው፤ አሁን ደግሞ ጎበዝም ሆኗል።

የንግዱ ቁንጮ ግን የራሱን ተማሪዎች ማታ ማታ የሚያስጠናው መምህር ነው። ቀን የተዘለለውን ማታ ያሟላል። ፈተናውን የሚያወጣውም፣ የሚያርመውም እሱ ነው። (የቤት ኪራዩን ደመወዙ እንደማይችለው አውቃለሁ። ለዚህም ነው የምናመሰግነው፤ ደመወዙን የሚጨምርለት ሲጠፋ ወላጅ ጨመረለት።) ቀን ጥሩ ቢያስተምር ማታ ማን ይቀጥረዋል? እንዲህ ያለ ፈተና ማለፍ ለሰው ልጅ ከባድ ነው፤ መዘዙም እስከ ማትሪክ ይደርሳል።

የማትሪኩን ነገር ካነሳን፣ የ2014 ዓ.ም. ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተወስዶ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት 3.2። ሌላ አገር ቢሆን «ክፍሉ ውስጥ ምን እየሆነ ነው?» ተብሎ ይጠየቅ ነበር። እኛ ግን ብልሆች ነን፤ አቅም ያለን አስጠኚ ጨመርን።

በወላጆች ቀን የልጅቷ አባት ዩኒፎርሙን እንደለበሰ መጣ።

«አባባ፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት» አለው መምህሩ። «ትንሽ ድጋፍ ብቻ ነው የሚያስፈልጋት። አስጠኚ ቢይዙላት...»

«እሺ መምህር። እዚህስ ለምን ትመጣለች?»

መምህሩ ትንሽ አሰበ።

«ለመገኘትማ 5 ማርክ አለው።»