ቀብድ ከመስጠትህ በፊት ውሉን አሳየኝ በል

«ጋሼ፣ አዳማ ላይ የለስላሳ መጠጥ አከፋፋይ ድርጅት ልገዛ ነው። ሻጩ ከፋብሪካው ጋር ያለው ውል አብሮ ይዞርልሃል ይለኛል። ቀብድ ልስጥ?»

አትስጥ፣ ገና ነው። መጀመሪያ ፋብሪካው የፈረመበትን ወረቀት እይ።

ነገሩ እንዲገባህ ቁጥሩን ክብ አድርገን እንውሰደው። ሻጩ 20 ሚሊዮን ብር ጠየቀ እንበል። አይሱዙዎቹ፣ ባዶ ሳጥንና ጠርሙሱ፣ መጋዘን ያለው ዕቃ ተደማምሮ 9 ሚሊዮን ቢያወጣ ነው። ታዲያ ቀሪው 11 ሚሊዮን የምን ዋጋ ነው? አዳማን፣ ወንጂንና ወለንጪቲን ይዞ የዚያን ፋብሪካ መጠጥ የማከፋፈል መብት ነው። ይህ መብት ያለው ውሉ ላይ ብቻ ነው። ውሉ ካልዞረልህ ከግማሽ በላይ የከፈልክበት ነገር እጅህ አይገባም።

እንዲህ ያለ ውል ላይ መጨረሻ አካባቢ ብዙ ሰው ሳያነበው የሚያልፈው አንቀጽ አለ። ይዘቱ ብዙውን ጊዜ ይህን ይመስላል፦ «አከፋፋዩ ይህን ውል ያለ ፋብሪካው የጽሑፍ ፈቃድ በሙሉም ሆነ በከፊል ለሌላ ወገን ማስተላለፍ አይችልም።» እዚህ ላይ ድርጅቱን የምትገዛበት መንገድ ወሳኝ ይሆናል።

አንደኛው መንገድ የንግድ መደብሩን መግዛት ነው። መኪናውን፣ ዕቃውን፣ የንግድ ስሙን፣ ደንበኛውን ከሻጩ ድርጅት ወደ አንተ ታዞራለህ። ያኔ እያንዳንዱ ውል ለየብቻው መዞር አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1962 ባለመብት የሆነ ሰው መብቱን ያለ ባለዕዳው ፈቃድ ለሌላ ሊያስተላልፍ እንደሚችል ይናገራል። ይህ የሚሠራው ግን ሕግ፣ ውል ወይም የጉዳዩ ጠባይ ካልከለከለ ነው። ስለዚህ ሆቴሎቹ በዱቤ ለወሰዱት መጠጥ ያለባቸውን ገንዘብ ሻጩ ሊያስተላልፍልህ ይችላል፣ እነሱም ሲነገራቸው ለአንተ ይከፍላሉ። የፋብሪካው ውል ግን መብት ብቻ አይደለም። በወር ይህን ያህል ማንሳት፣ ሳጥን መመለስ፣ በጊዜው መክፈል የሚባል ግዴታም አለበት። ግዴታን ፋብሪካው ሳይስማማ ወደ ሌላ ሰው ገፍቶ ነፃ መውጣት አይቻልም። የከለከለው አንቀጽ ባይኖር እንኳ ፋብሪካውን ማነጋገር አይቀርም ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ መደብሩን ትቶ የማኅበሩን ድርሻ፣ በተለምዶ አክሲዮን የሚሉትን፣ መግዛት ነው። ሻጩ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ባለድርሻዎቹ ይለወጣሉ እንጂ ማኅበሩ ያው ነው። ውሉን የፈረመው ማኅበሩ ስለሆነ ለሌላ ወገን የተላለፈ ነገር የለም። ከላይ ያየነው አንቀጽ እዚህ ላይ አይነካህም። ብዙ ደላላ «አክሲዮን ግዛ፣ ውሉ እንዳለ ይቀጥላል» የሚለው ለዚህ ነው። በእርግጥ አብሮ የሚመጣ ዕዳም አለ፤ የቆየ ግብር፣ ያልተከፈለ ብድር፣ ፍርድ ቤት ያለ ክስ ከማኅበሩ ጋር ይከተሉሃል።

ደህና ሕግ ባለሙያ ያለው ፋብሪካ ግን ይህን በር አስቀድሞ ይዘጋዋል። የቁጥጥር ለውጥ የሚባለው አንቀጽ የሚመጣው እዚህ ነው፦ «ከማኅበሩ ድርሻ ከግማሽ በላይ የሆነው፣ ወይም ሥራ አስኪያጅ የመሾም ሥልጣን፣ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ወደ ሌላ ሰው ከተላለፈ ፋብሪካው በ30 ቀን ማስታወቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል።» ይህን በማስተላለፍ አንቀጹ ስር ብቻ አትፈልገው። ውል ማቋረጫው ላይ ሊሆን ይችላል። ትርጓሜው ላይም «ማስተላለፍ ማለት የድርሻ ሽያጭን ይጨምራል» ተብሎ ተሸጉጦ ይገኛል። «ዘንድሮ 49 በመቶ፣ ከርሞ ቀሪውን እገዛለሁ» ብለህ እንዳትዘናጋ፤ ሁለተኛው ግዢ ከግማሽ ሲያሳልፍህ አንቀጹ ይነሳል።

የባንክ ብድር ካለም ውሉን አስመጣ። ብድር ውል ላይ ባለቤትነት ያለ ባንኩ ፈቃድ ከተለወጠ ቀሪው ዕዳ በአንዴ ይከፈል የሚል ሊኖር ይችላል። የመጋዘኑ ኪራይ ውልም እንዲሁ መታየት አለበት፤ ፈቃድ የተጠየቀ አከራይ ኪራይ ጨምር ማለቱ የተለመደ ነው። ሠራተኞቹ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ድርጅቱ ባለቤት ቢለውጥም የሥራ ውላቸው አይለወጥም፣ ያለው እንዳለ ይቀጥላል።

አሁን ወደ ቀብዱ። የሚያናድደኝ የእኛ ልማድ ይህ ነው፤ ቀብድ ይሰጣል፣ ከዚያ ወረቀት ይጠየቃል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ከተወ እጥፉን ይመልሳል። 2 ሚሊዮን ቀብድ ሰጥተህ ፋብሪካው እምቢ ቢልና አንተ ብትወጣ፣ ሻጩ «የተውከው አንተ ነህ» ብሎ ገንዘቡን ሊይዝብህ ይሞክራል። ስለዚህ የግዢ ውሉ ላይ ይህ ይጻፍ፦ ሽያጩ የሚጸናው ፋብሪካውና ባንኩ በጽሑፍ ሲፈቅዱ ነው፤ በ60 ቀን ውስጥ ፈቃዱ ካልመጣ ማንም ሳይቀጣ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ሻጩ በዚህ ካልተስማማ ፋብሪካው ምን እንደሚል ቀድሞ ያውቃል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ፈቃዱን የሚጠይቀው ሻጩ ነው፣ ምክንያቱም ውሉ የእሱ ነው። ፋብሪካው የሚሰጠው የፈቃድ ደብዳቤ የአንተን ስም ይጥቀስ። የማከፋፈያ ክልሉ፣ የዱቤ መጠኑና የሳጥን መያዣው ሳይለወጥ እንደሚቀጥል፣ ሻጩም የጣሰው ግዴታ እንደሌለ ይግለጽ። ፊርማው ፋብሪካውን ወክሎ መፈረም ከሚችል ሰው ይሁን። የሽያጭ ኃላፊው በስልክ «ችግር የለም» ማለቱ አያስተማምንም። ሳይፈቀድ ተገዝቶ ጭነት መምጣቱም አያዘናጋህ። ሦስት ወር ስላመጡ ፈቀዱ ማለት አይደለም፣ አራተኛው ወር ላይ የማቋረጫ ማስታወቂያ ሊመጣ ይችላል፣ ያኔ ደግሞ ሻጩ ገንዘቡን ይዞ ሄዷል።

ፋብሪካዎቹን አልወቅስም። በዱቤ ዕቃ የሚሰጡት ለሚያምኑት ሰው ነው፣ የተፎካካሪ ሰው አከፋፋያቸው እንዲሆንም አይፈልጉም። ግን አንቀጹ ያለ ልክ ሲጻፍ ግፍ ይሆናል። አሥር ዓመት ገበያ የገነባ ሰው ሊሸጥ ሲል ፋብሪካው ያለ ምንም ምክንያት እምቢ ሊለው ይችላል። ባለቤቱ ቢሞትና ልጆቹ ድርሻውን ቢወርሱ እንኳ አንዳንዱ አንቀጽ የቁጥጥር ለውጥ ብሎ ይቆጥረዋል። ይህ የሚስተካከለው አከፋፋዩ መጀመሪያ ሲፈርም ነው። ፋብሪካው ያለ በቂ ምክንያት እንዳይከለክል፣ በ15 ቀን ውስጥ እንዲመልስ፣ ካልመለሰ እንደፈቀደ እንዲቆጠር፣ ውርስም ከአንቀጹ እንዲወጣ መጠየቅ ይቻላል። ሁሉም ላይፈቀድልህ ይችላል፤ ውርሱን ግን አጥብቀህ ያዝ።

አንተም ነገ ባለቤት ስትሆን ውሉ በአዲስ መልክ ይፈረም ከተባለ እነዚህን ይዘህ ግባ። ለአሁኑ ግን ሻጩን ሦስት ወረቀት ጠይቀው፤ የፋብሪካውን ውል ከነማሻሻያዎቹ፣ የብድሩን ውልና የመጋዘኑን ኪራይ ውል። ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ቢልክልህም ይበቃል፣ ውልና ማስረጃ ስትሄዱ ከዋናው ጋር ታመሳክረዋለህ።