ቀኑ የማያልፍበት ግኝት

የሰሞኑን የኦዲት ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ያነበባችሁ መቼም ታውቁታላችሁ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ «ቀነ ገደቡ ያለፈ ግኝት፦ የለም» ይላል። እልል በሉ እንጂ! ዓመቱን ሙሉ ያው ግኝት እየተነበበ አንዱም አላረፈደም፣ እንዲህ ያለ ቀን አክባሪ ማኔጅመንት የት ይገኛል?

የምወደውን ልንገራችሁ። አንድ ኃላፊ ለመስክ ሥራ 48,000 ብር ቅድሚያ ወሰደ፣ በመመሪያው ከተመለሰ በ7 ቀን ማወራረድ ነበረበት፣ አላወራረደም። የውስጥ ኦዲት ጻፈው። የማኔጅመንት ምላሽ፦ «ግኝቱን ተቀብለናል፣ እስከ መስከረም 30 ይስተካከላል»። እንዴት ያለ ትህትና ነው! መስከረም 30 ሲደርስ «በሂደት ላይ ነው፣ እስከ ታኅሣሥ 30»። ታኅሣሥ ላይ «ለሚመለከተው ክፍል በደብዳቤ ተገልጿል፣ እስከ መጋቢት 30»፣ የሚመለከተው ክፍል ማን መሰላችሁ፣ ብሩን የወሰደው ሰውዬ ራሱ የሚመራው ክፍል ነው፣ ደብዳቤውን ፈርሞ ተቀበለና ግልባጭ ፋይል አስገባ በቃ። መጋቢት ላይ ደግሞ «ደረሰኞች እየተሰበሰቡ ነው፣ እስከ ሰኔ 30»፣ ያደረበት ሆቴል ገና እየተገነባ ነው መሰለኝ። ኮሚቴውም በየስብሰባው «በአጽንኦት አሳስቦ» ሻዩን ጠጥቶ ይበተናል።

ጥበቡ ያለው ክትትል ሰንጠረዡ ላይ ነው። አዲሱ ቀን ሲገባ የድሮው ይሰረዛል፣ ስለዚህ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ሂሳብ ሁሌ ቀኑ ገና ነው። መጀመሪያ የተባለው ቀን በአንድ ዓምድ፣ ስንቴ እንደተራዘመ በሌላ ዓምድ ቢቀመጥ እኮ ሁሉም ፍንትው ይል ነበር፣ ግን ለምን ተደርጎ! አንድ ጀማሪ ኦዲተር ያንን ዓምድ ጨምሮ ቢያመጣ «ፎርማቱን አታበላሽ» ተባለ።

ሰኔ ላይ ግኝቱ «ተዘግቷል» ተባለላችሁ። ብሩ ገቢ ሆነ? ደረሰኝ ቀረበ? ሂሳብ ክፍል ሄዶ ያየ ኦዲተር አለ? የለም፣ የተዘጋው «የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ስለተሰጠ» ነው። ደብዳቤ ብር ይመልሳል ለካ።

እዚህ ጋር ግን ቀልዱ ያልቅብኛል። እዛው ቃለ ጉባኤ ላይ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ የአንዲት ስቶር ኪፐር ጉድለት አለ፣ 1,900 ብር። ምላሹ «ከደመወዟ ተቆርጦ ገቢ ሆኗል»፣ በዛው ወር! ሂደት የለም፣ ማራዘሚያ የለም፣ ማንም «የሚመለከተው ክፍል» አላለላትም። ልጆቿ ምን በሉ ብሎ የጠየቀ የለም። እናንተ ሰዎች ትንሽ እንኳን አታፍሩም?

እሺ፣ ወደ ምስጋናችን። ሰውዬው ሐምሌ ላይ ለሌላ መስክ ቅድሚያ ጠየቀ። መመሪያው ያልተወራረደ ሂሳብ ላለበት አይሰጥም ይላል፣ እሱ ደግሞ ግኝቱ ተዘግቶለታል፣ ስለዚህ ተፈቀደለት።