«ሁላችንም ሠርተናል» ሲሉኝ ዛሬም ያቃጥለኛል

የቡድን አሳይመንት ሲነሳ ዛሬም ሆዴ ይቃጠላል። ተመርቄያለሁ፣ ማርኩም ጥሩ ነበር፣ ግን አልወጣልኝም። ይውጣልኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

አምስት ነበርን። ርዕሳችን የሚኒባስ ታክሲ ተሳፋሪዎች በአገልግሎቱ ምን ያህል ይረካሉ የሚል ነው። መጠይቁን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። 150 ኮፒ አስባዝተን ሠላሳ ሠላሳ ተከፋፈልንና «ሁሉም የራሱን ሰብስቦ፣ ኤክሴል ላይ አስገብቶ ያምጣ» ተባብለን ተለያየን። ያኔ ፍትሐዊ ክፍፍል መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳየው አንድ ሥራ አልተካፈልንም፣ አምስት የተለያየ ሥራ ይዘን ነው የሄድነው።

ማስረከቢያው ሁለት ቀን ሲቀረው ፋይሎቹን ገጣጥሜ ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ከፈትኩ። የተሳፋሪዎቹ አማካይ ዕድሜ 34 ወጣ። እኔ ሰልፍ ላይ ያናገርኳቸው አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ፤ አላመንኩም። ከፍተኛውን ዕድሜ ሳይ 99 ይላል። ለካ አንዷ ልጅ ዕድሜውን ላልነገራት ሰው ሁሉ 99 እያለች አስገብታለች። እሷ አልተሳሳተችም፣ 99 «መልስ የለም» ማለት እንደሆነ ክፍል ውስጥ ተምረናል። ግን ሶፍትዌሩ ይህን ካልተነገረው የ99 ዓመት ሽማግሌ አድርጎ ይደምረዋል። እንደዚህ የገቡት ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ናቸው። እነሱን ሳወጣ አማካዩ 30 ሆነ።

የባሰው ገና ነበር። መጠይቁ ላይ ከ1 እስከ 5 የሚመለሱ ስምንት ዓረፍተ ነገሮች አሉ። አምስቱ «ረዳቱ በአክብሮት ያስተናግደኛል» ዓይነት ናቸው። ሦስቱ ግን «ወረፋው ያማርረኛል» ይላሉ፤ እዚህ ላይ 5 ማለት እርካታ ሳይሆን ምሬት ነው። ስለዚህ ከመደመራቸው በፊት መገልበጥ አለባቸው፣ 5 ወደ 1፣ 4 ወደ 2 እያሉ። ሁለታችን ገልብጠን አስገባን፣ ሦስቱ እንዳለ አስገቡት። ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን የሚያሳየው የክሮንባክ አልፋ ቢያንስ 0.7 ይሆናል ብለን ስንጠብቅ 0.31 ወጣ። ደወልኩላቸው። «እኔ የድርሻዬን ጨርሻለሁ» አለኝ አንዱ። እውነቱን ነው፣ ጨርሷል። እንዴት እንደሚያስገባ ግን ማንም አልነገረውም። መጠይቁን ያዘጋጀሁት እኔ ስለሆንኩ መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የሁሉም ጥያቄ ኮድ የተጻፈበት አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ በቂ ነበር። እኔ ግን በልቤ ይዤው ሁሉም የሚያውቀው መሰለኝ።

ሌሊቱን ወረቀቶቹን ዘርግቼ አንድ በአንድ እንደገና ሳስገባ የአንዱ ልጅ ሠላሳ መጠይቅ እጄ ገባ። ታክሲ ሰልፍ ላይ የተሞላ ወረቀት ያስታውቃል። ታጥፏል፣ ጉልበት ላይ ስለተጻፈ እስክሪብቶው በስቶታል፣ መሃል ላይ ታክሲው ስለመጣ መጨረሻው ባዶ ነው። የሱ ሠላሳ ወረቀቶች አንድም አልታጠፉም። ባዶ የቀረ ጥያቄ የለም። እስክሪብቶው አንድ፣ የምልክቱ ጭረት አንድ፤ መልሱ ከ3 እና ከ4 አይወጣም። «ወረፋው ያማርረኛል» ላይ 4 ያለው ሰውዬ «ወረፋው ፈጣን ነው» ላይም 4 ይላል። ዶርም አልጋው ላይ ተኝቶ ነው የሞላው።

ስጠይቀው አልካደም። «ማን ያያል ብለሽ ነው? ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሠራው» አለኝ። ሌሎቹም ወደሱ አደሉ፤ ቁጥሩ ከ150 ከወረደ ማርክ ይቀነሳል ብለው ፈሩ። ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ሠላሳዎቹ ወጥተው በ120 እንድንሠራ ተስማሙ፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ ስሙ እንዳይነሳ። እኔም ደክሞኝ ነበርና እሺ አልኩ።

ድጋሚ ብሠራ በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱ አምስት አምስት መጠይቅ ብቻ ሰብስቦ እንዲያስገባ አደርጋለሁ። ያንን ገጣጥመን ብናየው ኖሮ 99ኙም፣ ያልተገለበጡትም ያን ቀን ይገኙ ነበር፤ ገና 25 ወረቀት ነዋ! እያንዳንዱ መጠይቅ ላይ ተራ ቁጥርና የሰበሰበው ሰው ምልክት ይኖራል፣ ቀኑና የታክሲ ፌርማታው ስም ይጻፋል። ከእያንዳንዱ ሰው ወረቀት ሦስቱን ደግሞ ሌላ ሰው ዳግም ያስገባል። ይህ ሁሉ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። እኔ ግን ብቻዬን ሁለት ሌሊት አድሬ አረምኩት፤ ፕረዘንቴሽን ላይ አምስታችንም ቆመን «ሁላችንም ሠርተናል» አልን።

ከዚህ ሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የራሴ እጅ የጻፈው ነው። የተጠረዘው ሪፖርት ዲፓርትመንቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ምዕራፍ ሦስት ላይ «ከተሰራጩት 150 መጠይቆች ውስጥ 30ዎቹ አልተመለሱም» ይላል። ተመልሰው ነበር። ዓረፍተ ነገሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ።