የአንበጣ መንጋ ከቁጥቋጦ ሥር ይጀምራል

በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በምሥራቅና በሰሜን ኢትዮጵያ በወረደ ጊዜ፣ የራያና የወሎ ገበሬ ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ፣ አንዳንድ ቦታም ጥይት እየተኮሰ የደረሰ ማሽላውንና ጤፉን ለማትረፍ ሲሯሯጥ አይተናል። በመገናኛ ብዙኃን ይነገር የነበረውም መንጋው የት ደረሰ፣ ወዴት ያመራል፣ ስንት ሄክታር አወደመ የሚለው ነበር። ሰብሉ ሊበላበት ለደረሰ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ እንደማይኖር ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ መንጋው በሰማይ ላይ በታየበት ሰዓት ዋናው ነገር ካለፈ ብዙ ወራት ተቆጥረዋል። አንበጣን የመከላከል ሥራ ዓይኑን መጣል ያለበት በሚበርረው መንጋ ላይ ሳይሆን፣ ተበታትነው የሚኖሩት አንበጦች መሰባሰብ በሚጀምሩባቸው ጥቂት ቀናትና በሚሰባሰቡበት ቦታ ላይ ነው የሚል አቋም አለኝ። ምክንያቴን ለማስረዳት አንበጣው እንዴት እንደሚለወጥ መናገር ይኖርብኛል።

የበረሃ አንበጣ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ከማንኛውም ፌንጣ ብዙም ሳይለይ ነው። በብቸኝነት የሚያድገው ኩብኩባ፣ ገና ክንፍ ያላወጣው አንበጣ፣ እንደሚኖርበት ቅጠል አረንጓዴ ነው፤ ሲያድግም የአሸዋና የደረቅ ሣር መልክ ይይዛል። ቀን ቀን እምብዛም አይንቀሳቀስም፣ የሚበርረው ሌሊት ነው፣ ሌላ አንበጣ ሲያጋጥመውም ይሸሻል። በመንጋ ውስጥ ያደገው ኩብኩባ ግን ቢጫና ጥቁር ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ከመሰሎቹ ጋር በአንድ አቅጣጫ ይጓዛል። ክንፍ ሲያወጣ ሮዝ ይሆናል፣ ለመራባት ሲደርስ ደግሞ ደማቅ ቢጫ። ልዩነቱ ይህን ያህል የሰፋ በመሆኑ፣ በሌላው የአንበጣ ዓይነት፣ በፍልሰተኛው አንበጣ ላይ፣ ሊቃውንቱ ሁለቱን መልኮች ለረጅም ጊዜ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች አድርገው ሲመዘግቧቸው ኖረዋል። ቦሪስ ኡቫሮቭ የተባለው ሩሲያዊ ተወላጅ የነፍሳት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1921 ሁለቱ አንድ ዝርያ መሆናቸውንና አንዱ ወደ ሌላው እንደሚለወጥ አስረዳ። በዚህ ሐሳብ መሠረት፣ በመንጋ ወቅቶች መካከል አንበጣው «የት ጠፋ?» ለሚለው የቆየ እንቆቅልሽ መልስ ተገኘ። አንበጣው አልጠፋም፤ ተበታትኖና ተደብቆ እዚያው በረሃ ውስጥ ይኖራል።

ታዲያ ለውጡን የሚያስነሳው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ረሃብ ወይም ሙቀት ይመስለዋል። እውነተኛው ቀስቃሽ የሌላ አንበጣ መቅረብ ነው፤ በተለይም አካል ለአካል መነካካት። ይህ የታወቀው በጣም ቀላል በሆነ ሙከራ ነው። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት እስጢፈን ሲምፕሰንና ባልደረቦቻቸው ለብቻው ያደገ ኩብኩባ ወስደው፣ በቀጭን የቀለም ብሩሽ የተለያዩ የአካሉን ክፍሎች በየደቂቃው ለአምስት ሰከንድ ያህል እየነካኩ አራት ሰዓት ቆዩ። ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ2001 ሲያሳውቁ፣ ፊቱን፣ ቀንዶቹን፣ ሆዱን ወይም ሌሎቹን እግሮች መንካት ለውጥ እንዳላመጣ፣ የኋላ እግሩን ጭን ውጫዊ ገጽ መንካት ግን ብቸኛውን ኩብኩባ የመንጋ ጠባይ እንዳስያዘው ገለጹ። ጠባዩ መለወጡን የሚያረጋግጡበት ዘዴም ግልጽ ነበር። ኩብኩባውን በአንድ ሳጥን መካከል ይለቁታል፤ በአንደኛው ጫፍ፣ ከመከለያ ጀርባ፣ ብዙ አንበጦች አሉ፣ ሌላው ጫፍ ባዶ ነው። ያልተለወጠው ወደ ባዶው ይሸሻል ወይም ባለበት ይቆማል፣ የተለወጠው ወደ ብዙኃኑ ይሄዳል።

የኋላ ጭን መመረጡ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። አንበጣ የገዛ ፊቱንና ቀንዶቹን ሲያጸዳና ሲበላ ዘወትር ይነካካል፤ የጭኑን ውጫዊ ገጽ ግን ከጎኑ ተጣብቆ የሚጋፋው ሌላ አንበጣ ካልሆነ በቀር ደጋግሞ የሚነካው ነገር እምብዛም የለም። ሌላም መንገድ አለ፤ ሌሎች አንበጦችን በአንድ ጊዜ ማየትና ማሽተት ያንኑ ለውጥ ያመጣል፣ ማየት ብቻውን ወይም ሽታ ብቻውን ግን በቂ አይደለም።

ከንክኪው በኋላ በአካሉ ውስጥ የሚሆነውን ነገር ሌላ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ አድርጎታል። እግሮቹን በሚያዝዘው የደረት የነርቭ ማዕከል ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ከፍ ይላል። ተመራማሪዎቹ የሴሮቶኒንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጡት ኩብኩባው እየተነካካም የመንጋ ጠባይ አልያዘም፤ ሴሮቶኒን ሲሰጡት ደግሞ ሌላ አንበጣ በአጠገቡ ሳይኖር ተለወጠ። ዜናው በወጣበት ሰሞን ለአንበጣ መፍትሔ ተገኘ የሚል ተስፋ በየጋዜጣው ተጽፎ ነበር። ተስፋው የተጋነነ ነው። ሴሮቶኒን የሰውንም፣ የንብንም፣ የከብትንም ነርቭ የሚያገለግል ነገር በመሆኑ አጋጁን በሜዳ ላይ መርጨት አይታሰብም። ከዚህም በላይ የሴሮቶኒኑ ከፍታ የመነሻ ምልክት ብቻ ነው፤ ለትውልዶች በመንጋ በቆዩት አንበጦች ላይ ከፍ ብሎ አይገኝም። ስለዚህ መድኃኒቱ ቢኖር እንኳ በሰማይ ለሚበርረው መንጋ የሚፈይደው ነገር አይኖርም።

በሰዓታት ውስጥ የሚለወጠው ጠባዩ ነው። ቀለሙና የአካሉ ቅርጽ ቆዳውን እየጣለ ሲያድግ ቀስ በቀስ ይከተላሉ፤ ሙሉ ለውጡ ደግሞ ከአንድ ትውልድ በላይ ይፈጃል። ተጨናንቃ የኖረች እናት የምትጥላቸው እንቁላሎች በቁጥር አነስ፣ በመጠን ተለቅ ያሉ ናቸው፣ ከእነርሱ የሚፈለፈሉትም ከመጀመሪያው ጠቆር ብለውና ለመንጋ ዝግጁ ሆነው ይወጣሉ። እናቲቱ ይህን መልእክት የምታስተላልፈው እንቁላሉን በሸፈነችበት አረፋ ውስጥ ባለ ኬሚካል ነው ወይስ በእንቁላሉ መጠን በኩል ነው የሚለው እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነው። ለመከላከል ሥራ ግን አንድ ነገር በቂ ነው። ገና ትናንት የተሰባሰቡ ኩብኩባዎች ቢለያዩ በሰዓታት ውስጥ ወደ ብቸኝነት ጠባያቸው ሊመለሱ ይችላሉ፤ ትውልድ የቆጠሩት ግን በቀላሉ አይመለሱም።

እንግዲህ እርስ በርስ የሚሸሹት ብቸኞች እንዴት ሊነካኩ ይበቃሉ? መልሱ ዝናብና ከዝናቡ በኋላ የሚመጣው ድርቀት ነው። አንበጣ እንቁላሉን የሚጥለው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው እርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው። በረሃ ላይ ጥሩ ዝናብ ሲዘንብ እንቁላሉ ይፈለፈላል፣ ኩብኩባው የሚበላውን ያገኛል፣ በሰፊው አረንጓዴ ላይ ተበትኖ ስለሚኖርም ቁጥሩ ቢበዛ እንኳ ብቸኛ ሆኖ ሊቀጥል ይችላል። ከዚያ አረንጓዴው መድረቅ ይጀምራል። የቀሩት ቁጥቋጦዎች እዚህና እዚያ የተራራቁ ከሆኑ በአካባቢው ያለው ኩብኩባ ሁሉ ለጥላና ለመብል ወደ እነርሱ ይከማቻል፤ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ጭን ለጭን ይጋፋል። ተመሳሳይ መጠን ያለው ዕፅዋት በሜዳው ላይ እኩል ተሰራጭቶ ቢሆን ኖሮ ያው ብዛት ያለው አንበጣ ላይነካካ ይችል ነበር። በእኔ አመለካከት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው፤ የምንቆጥረው በሄክታር ስንት አንበጣ እንዳለ ሲሆን፣ አደጋውን የሚወስነው ግን ዕፅዋቱ እንዴት እንደተበተነም ጭምር ነው። አረንጓዴው ሲሳሳና ሲደርቅ፣ በለምለም ጊዜ የማያስፈራው ቁጥር አስፈሪ ይሆናል።

የእኛ አገር ወረራ የጀመረበትን ታሪክ በዚህ ዓይን ብናየው ነገሩ ይገለጣል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 መኩኑ የተባለው አውሎ ነፋስ ኦማን ላይ ደርሶ፣ ሩብ አል ኻሊ የሚባለውን የአረቢያ በረሃ አራሰው፤ በአሸዋ ክምሮቹ መካከል ሐይቆች ተፈጠሩ። ይህ ብቻውን ቢሆን አንበጣው ጥቂት ወራት ተራብቶ፣ በረሃው ሲደርቅ አብዛኛው ይሞት ወይም ይበተን ነበር። ሆኖም በጥቅምት ሉባን የተባለ ሁለተኛ አውሎ ነፋስ ያንኑ አካባቢ እንደገና አራሰው። መንገድም ነዋሪም በሌለበት ቦታ ማንም ሳያያቸው ሦስት ትውልድ ተተካ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እንደገመተው በአመቺ ሁኔታ አንድ ትውልድ በሦስት ወር ውስጥ ሃያ እጥፍ ይሆናል፤ ሃያን ሦስት ጊዜ ሲያባዙት ስምንት ሺህ እጥፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መግቢያ መንጋው ከዚያ ወጥቶ ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ እንዲሁም ወደ ኢራን ተንቀሳቀሰ። የመን ጦርነት ላይ ስለነበረች አሰሳውም ርጭቱም ተስተጓጎለ። በዚያው ዓመት በክረምቱ ወራት ቀይ ባሕርንና የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያና ወደ ሶማሊያ ገባ። ራያ ላይ ጅራፍ የጮኸበት አንበጣ፣ ቅድመ አያቱ ሰው በማይደርስበት አሸዋ ላይ ከሌላው ጋር ተጋፍቶ ጠባዩን የለወጠ ነው። ጩኸቱ ያንን ጠባይ አይመልሰውም፤ መንጋውን ከአንዱ ማሳ አስነስቶ ወደ ጎረቤት ማሳ ያዛውረዋል።

በሳተላይት አረንጓዴውን ማየት ይቻላል የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፣ ዝናቡ የት እንደዘነበና ዕፅዋት የት እንደበቀለ ለማወቅ ሳተላይት የማይተካ ረዳት ነው። ነገር ግን ለአሰሳ በስፋት በሚያገለግሉት ምስሎች ላይ አንዲት ነጥብ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ትሸፍናለች፤ ኩብኩባው የሚጋፋው በአንድ ቁጥቋጦ ሥር ነው። ያንን የሚያየው በእግሩ የሚሄድ ሰው ነው። ለዚህ ነው በአፋር፣ በሶማሌ ክልልና በድሬዳዋ ዙሪያ ባለው ቆላ ከብቱን ይዞ የሚዘዋወረው አርብቶ አደር ከማንም በፊት ወሬውን ሊያደርስ የሚችለው፣ ምን ማየት እንዳለበትና ለማን መናገር እንዳለበት ከተነገረው።

የሚታየውም ውስብስብ አይደለም። ጥሩ ዝናብ ከጣለ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ኩብኩባው መፈልፈል ይጀምራል፤ ከዚያ ክንፍ እስኪያወጣ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት አለ። በዚህ ጊዜ ውስጥ አረንጓዴ ኩብኩባ አንድ በአንድ እየተነሣ የሚሸሽ ከሆነ መመዝገብና ሣሩ መድረቅ ሲጀምር ተመልሶ ማየት ይበቃል። በአረንጓዴው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የታየበት፣ ሰው ሲቀርብ ከመበተን ይልቅ በአንድ ቁጥቋጦ ዙሪያ የሚከማች ኩብኩባ ከተገኘ ግን ለውጡ ተጀምሯል። ክንፍ ስለሌለው ርጭቱን በጀርባ በሚታዘል መርጫ ወይም በመኪና ላይ በተገጠመ ማሽን በዚያች ቦታ ላይ ብቻ ማካሄድ ይቻላል፤ አውሮፕላን መከራየት ገና አላስፈለገም።