ማስተካከያ፦ ሎራን ለድሮን ቁጥጥር ስለመጠቀም

«ድሮንን ከሩቅ ለመቆጣጠር የሎራ ሞጁሉን SF12 ላይ ማድረግ ይበቃል።»

ሎራ አጫጭር መልእክቶችን በትንሽ ኃይል ወደ ሩቅ ቦታ የሚልክ የሬዲዮ ዘዴ ነው፤ SF ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ርቀቱን የሚጨምር፣ መላኩን ግን የሚያዘገይ ቅንብሩ ነው። ስለዚህ ይህ አባባል ለርቀት እንጂ ለቁጥጥር አይሠራም። SF12 ከSF7 ይልቅ በ12.5 ዴሲቤል የደከመ ሲግናል ለመቀበል ያስችላል፤ ይህም ምንም ከለላ በሌለበት ክፍት ቦታ ርቀቱን ወደ 4 እጥፍ ያሳድገዋል። ነገር ግን በ125 ኪሎኸርዝ የባንድ ስፋት 20 ባይት የያዘ መልእክት በSF7 ወደ 57 ሚሊሰከንድ ሲወስድ፣ በSF12 1.3 ሰከንድ ያህል ይፈጃል።

ሞጁሉ እየላከ መቀበል አይችልም። ስለዚህ በሰከንድ 15 ሜትር የሚበር ድሮን ቴሌሜትሪ፣ ማለትም ስለ በረራው ያለውን መረጃ፣ መላክ እንደጀመረ «ቁም» የሚል ትእዛዝ ቢላክለት አይሰማውም፤ የምድር ጣቢያው ተራውን ጠብቆ ቢልክ እንኳ ትእዛዙ ተጠናቆ እስኪደርስ 2.6 ሰከንድ ያልፋል፣ ድሮኑም 40 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሲግናሉ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ትእዛዝ የሚጠፋ ከሆነ፣ አንቴናውን ከመቀየር በፊት ይህን የመላኪያ ጊዜ ግጭት መፈተሽ ይገባል።

SF12 የሚስማማው መድረሻው ተነግሮት በዝግታ ራሱን ለሚነዳ፣ ሮቨር ለሚባል የመሬት ላይ ሮቦት ነው። ለድሮን ግን SF7ን ይዞ የምድር አንቴናውን ከፍ ማድረግ ይሻላል፤ ግንኙነት ሲቋረጥ ወደ መነሻው የመመለሱ ውሳኔም በሬዲዮ ትእዛዝ ሳይሆን በራሱ በበረራ መቆጣጠሪያው ላይ አስቀድሞ መዋቀር አለበት።